«ነፃ ነው» ያልነው ግብዣ ለምን ሰው አላመጣም? የአንድ ዴሞ ግብዣ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንድ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራውም። የሚሸጠው የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ፕሮግራም ነው። የባንክ ስቴትመንትና የድርጅታችሁን የሂሳብ መዝገብ፣ ሌጀሩን፣ ትሰጡታላችሁ፤ የትኛው ገቢ ከየትኛው ኢንቮይስ ጋር እንደሚገጥም ፈልጎ ያጣምራል። ያልገጠመውን ለብቻው ያስቀምጣል። ገዢዎቹ የፋይናንስ ኃላፊዎች ናቸው። ወር ሲያልቅ ስልክ የማያነሱ፣ ሌላውንም ጊዜ ኢሜይላቸውን በአንድ ዓይን የሚያነቡ ሰዎች።

ድርጅቱ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚታይበት ዴሞ ያለው ነፃ የኦንላይን ስብሰባ፣ ዌቢናር፣ አዘጋጀና ወደ 1,400 ለሚጠጉ ሰዎች ግብዣ ላከ። አድራሻዎቹ የተገዙ አልነበሩም። ሰዎቹ በስብሰባ ላይ ወይም በድረ ገጹ በኩል ራሳቸው የሰጧቸው ናቸው። የተመዘገቡት 11 ሆኑ። ከነሱም ሦስቱ የድርጅቱ የራሱ ሠራተኞች፣ አንዱ ደግሞ የተፎካካሪ ድርጅት ሰው ነበር። ዌቢናሩ ተሰረዘ። እኔ የተጠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። ሥራዬ ለድርጅቶች ጽሑፍ መጻፍ ነው፤ የተሰጠኝ ትእዛዝም አጭር ነበር፦ «ግብዣውን አሳምሪልን።»

የመጀመሪያው ግብዣ ይህን ይመስላል፦

> ርዕስ፦ ለታላቁ ነፃ ዌቢናራችን ተጋብዘዋል!
>
> ውድ ደንበኛችን፣
>
> ድርጅታችን በፋይናንስ ቴክኖሎጂ ዘርፍ ያካበተውን የረጅም ጊዜ ልምድ መሠረት በማድረግ «የዘመናዊ ፋይናንስ አስተዳደር የወደፊት ዕጣ» በሚል ርዕስ ነፃ ዌቢናር ያዘጋጀ መሆኑን ስንገልጽ ደስታ ይሰማናል። በዌቢናሩ ላይ የዘርፉን አዳዲስ አሠራሮች፣ የምርታችንን ዘርፈ ብዙ ጥቅሞች እና የደንበኞቻችንን ተሞክሮ የምናቀርብ ይሆናል። ቦታ ውስን ስለሆነ ፈጥነው ይመዝገቡ!

ሰዋስዉ ላይ ችግር የለም። ጨዋ ደብዳቤ ነው። ግን ስልክ ላይ ከፈትኩትና መልእክት ሳጥኑ ውስጥ ምን እንደሚታይ አየሁ። ላኪው የድርጅቱ ስም ነው። ከሥሩ «ለታላቁ ነፃ ዌቢናራችን ተጋብዘዋል!» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ በግራጫ የሚታየው ቅድመ እይታ ደግሞ «ይህ ኢሜይል በትክክል ካልታየዎት እዚህ ይጫኑ» ይላል። አንድ ሰው ለመክፈት ወይም ለመሰረዝ የሚወስነው በነዚህ ሦስት መስመሮች ነው። ሦስቱም ስለ ላኪው እንጂ ስለ ተቀባዩ አንድም ነገር አይናገሩም። ቅድመ እይታውማ ጭራሽ ባክኗል። ማንም አልጻፈውም፤ የኢሜይል መላኪያው ፕሮግራም ከአብነቱ አናት ላይ ያገኘውን ጽሑፍ ወስዶ ነው ያስቀመጠው።

የሽያጭ ኃላፊው ግን በርዕሱ አልተስማሙም። «ርዕሱማ ሠርቷል» አሉኝ። «ከግማሽ በላይ ሰው ከፍቶታል፣ ሪፖርቱን እይው።»

ሪፖርቱን አየሁት። እውነትም እንደዚያ ይላል። ችግሩ ይህ ቁጥር ብዙም የሚታመን አለመሆኑ ነው። «ተከፈተ» የሚባለው ኢሜይሉ ውስጥ ያለች አንዲት የማትታይ ምስል ስትጫን ነው። የአፕል የኢሜይል መተግበሪያ ከ2021 ጀምሮ፣ የግላዊነት መከላከያው ከበራ፣ ምስሎችን ባለቤቱ ኢሜይሉን ሳያየው በፊት በራሱ ሰርቨር በኩል ቀድሞ ይጭናል። ስለዚህ ያልተነበበውም «ተከፈተ» ተብሎ ይመዘገባል። የሊንክ ጠቅታም ቢሆን በጥንቃቄ መታየት አለበት። የብዙ ድርጅቶች የደኅንነት ማጣሪያዎች ኢሜይሉ ሲደርስ ሊንኮቹን ራሳቸው ይከፍቷቸዋል። ይህን መለየት አያስቸግርም። ጠቅታው ኢሜይሉ በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ ከሆነ፣ በዚያ ላይ «ከዝርዝሩ አስወጡኝ» የሚለውን ጨምሮ ሁሉም ሊንክ በአንድ ጊዜ ከተነካ፣ የነካው ሰው አይደለም።

እነዚህን ስናወጣቸው ምዝገባ ገጹ ላይ የደረሰው እውነተኛ ሰው ወደ 70 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ70ው ደግሞ የሞሉት እነዚያው 11ዱ ናቸው። ስለዚህ ቀዳዳው ሁለት ነው ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ከኢሜይሉ አላለፈም። ያለፈውም አብዛኛው ከፎርሙ ተመልሷል። «ጽሑፉን አሳምሪ» የሚለው ትእዛዝ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ግብዣውን ከመጻፌ በፊት ካልመጡት ሰዎች ጋር እንዲያገናኙኝ ጠየቅሁ። ከድርጅቱ ጋር ቀረቤታ ያላቸው ሦስት የፋይናንስ ኃላፊዎች በስልክ አነጋገሩኝ። ጥያቄዬ «ግብዣውን ለምን አልወደዱትም?» አልነበረም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያመጣው የይሉኝታ መልስ ነው። የጠየቅኳቸው «ባለፈው ወር ሂሳብ ሲዘጉ ባንክ ማስታረቁ ላይ ረጅም ጊዜ የወሰደብዎት የትኛው ነገር ነበር?» ብዬ ነው። ስለ ግብዣው ያነሳሁት በመጨረሻ ነው።

አንደኛዋ ኃላፊ ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች፦ «እኔን የሚገድለኝ አንድ ደንበኛ የሦስት የአራት ኢንቮይስ ገንዘብ አንድ ላይ ሲያስገባ ነው። ያውም ኮሚሽን ተቆርጦበት። ቁጥሩ ከምንም ጋር አይገጥምም። ልጆቼ ግማሽ ቀን ካልኩሌተር ይዘው ይቀመጣሉ።»

ሁለተኛው ስለ ግብዣው ያሉት ይህ ነው፦ «ነፃ ነው ይላል። ታዲያ ዕቃ ልትሸጡልኝ ልታስከፍሉኝ ነበር እንዴ? እኔ የማወጣው ሰዓት ነው። መቼ እንደሚያልቅ እንኳ አልተጻፈም።»

ሦስተኛው ግብዣውን ከፍተው ፎርሙ ድረስ ሄደው ነበር። «ስልክ ቁጥር ሲጠይቀኝ ዘጋሁት» አሉ። «አንዴ የሰጠሁ ቀን የማይለቁ አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ነው የሚደውሉት።» ቀኑንም አነሱ። ዌቢናሩ የታቀደው አዲሱ ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም ያለፈውን ወር ሂሳብ ለመዝጋት ወገቡን አስሮ ይሠራል። ለፋይናንስ ሰው ዴሞ ለማሳየት ከዚያ የባሰ ቀን ፈልጎ ማግኘትም ይከብዳል።

ከሦስቱ ጥሪዎች በኋላ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አልተጻፈልኝም። ምክንያቱን ለማወቅ የዌቢናሩን መርሐ ግብር ማየት ነበረብኝ። 60 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው 10 ደቂቃ የሥራ አስኪያጁ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር። ቀጥሎ 15 ደቂቃ የድርጅቱ ታሪክና የዘርፉ አዝማሚያ በስላይድ። ከዚያ የደንበኛ ተሞክሮ። ፕሮግራሙ ራሱ ስክሪን ላይ የሚታየው 35ኛው ደቂቃ ላይ ነው። እሱም በተስተካከለ ናሙና፣ ሁሉም ገቢ ከአንድ ኢንቮይስ ጋር ቁጭ በሚልበት ፋይል። ያቺ ኃላፊ «የሚገድለኝ» ያለችው ነገር ዴሞው ውስጥ የለም።

ስለዚህ ምንም የሚያስጽፍ እውነት አልነበረኝም። ግብዣ ቃል ነው። «ይህን ያያሉ» ብዬ ልጽፍ የምችለው ነገር የሚታይ ከሆነ ብቻ ነው። አለዚያ የሚቀረኝ «ታላቅ»፣ «ዘመናዊ»፣ «ዘርፈ ብዙ» እያሉ ባዶውን መሙላት ነው። የመጀመሪያው ግብዣ የሞላውም በዚያው ነበር። በኔ እምነት የደረቀ ግብዣ ከደካማ ጸሐፊ ይልቅ የሚመጣው ከደካማ መርሐ ግብር ነው።

ይህን ይዤ ወደ ሽያጭ ኃላፊው ተመለስኩ። «ጽሑፍ አሳምሪ ብዬሽ ዌቢናሩን ልታፈርሺው ነው?» አሉ። እየሳቁ ነው፣ ግን ከልባቸው ነው።

«እርስዎ 35 ደቂቃ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ?» አልኳቸው።

«እኔ አልጠብቅም። ግን እኔ ገዢ አይደለሁም።»

«ገዢውማ ከእርስዎም ይብሳል።»

ከምርት ክፍሉ ባለሙያ ጋር አዲስ ዴሞ አዘጋጀን። ወጣት ልጅ ነው፤ ፕሮግራሙን ከጻፉት አንዱ እሱ ነው። የሥራ አስኪያጁ ንግግር ቀረ። የድርጅቱ ታሪክ ቀረ። ጠቅላላው 25 ደቂቃ ሆነ፣ የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ ነው። ናሙናውንም የተዘበራረቀ አደረግነው። በስቴትመንቱ ላይ 79,850 የሚል ገቢ አለ። በሌጀሩ ላይ 79,850 የሚባል ነገር የለም። ያሉት 40,000፣ 25,500 እና 14,500 የሆኑ ሦስት ኢንቮይሶች ናቸው። ድምራቸው 80,000 ነው። ባንኩ 150 ኮሚሽን ቆርጧል። ፕሮግራሙ ይህን ያገኛል፤ 150ውንም ወደ ባንክ ወጪ ሂሳብ እንዲገባ ያቀርባል።

ልጁ ግን አንድ ነገር አስጨነቀው። «ሁልጊዜ አያገኘውም እኮ» አለኝ። «የከፋዩ ስም ስቴትመንቱ ላይ ከሌለ፣ በዚያ ላይ 80,000 የሚሰጥ ሌላ ጥምረት ካለ፣ ለምሳሌ የሌላ ደንበኛ 55,000 እና 25,000፣ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይችልም። ሁለቱንም አማራጭ ለሰው ያቀርባል።»

«ታዲያ እሱንም አሳየው» አልኩት።

የሽያጭ ኃላፊው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ። ደካማ ጎንን በአደባባይ ማሳየት ምን የሚሉት ሽያጭ ነው? እኔ ግን የማስበው የተመልካቹን ነው። የፋይናንስ ሰው ሥራው ቁጥር መጠራጠር ነው። ሁሉም ነገር ያለ እንከን ሲገጥም ካየ «ፋይሉን አዘጋጅተውት ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ ተዘጋጅቶ ነበር። ፕሮግራሙ ሲጠራጠርና ውሳኔውን ለሰው ሲተው ካየ ግን የራሱን ሠራተኛ ዓይነት ጥንቃቄ ነው የሚያየው። በመጨረሻ ተስማሙ። ሦስት ደቂቃ ብቻ ይሰጠው ተባለ።

ከዚህ በኋላ ግብዣው ራሱን ጻፈ ማለት ይቻላል፦

> ላኪ፦ (የምርት ክፍሉ ባለሙያ ስም፣ ቀጥሎ የፕሮግራሙ ስም)
>
> ርዕስ፦ አንድ ገቢ፣ ሦስት ኢንቮይስ፣ 150 ጎድሎ
>
> ቅድመ እይታ፦ እንዴት እንደሚታረቅ በ25 ደቂቃ በቀጥታ እናሳይዎ
>
> ሰላም፣
>
> ባንክዎ ውስጥ 79,850 ገብቷል። ሌጀርዎ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ያሉት የ40,000፣ የ25,500 እና የ14,500 ኢንቮይሶች ናቸው። ደንበኛው ሦስቱንም አንድ ላይ ከፍሏል፤ ባንኩ 150 ቆርጧል።
>
> ይህን በእጅ መፈለግ ምን ያህል ሰዓት እንደሚበላ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ረቡዕ 14 ፕሮግራማችን እንዴት እንደሚያገኘው በቀጥታ እናሳያለን። የማያገኘው ጊዜ እንዳለና ያኔ ምን እንደሚያደርግም እናሳያለን።
>
> ዴሞው 25 ደቂቃ ነው። ስላይድ የለውም። ጥያቄ ያለው ከዚያ በኋላ ይቆያል፤ የሌለው በ25ኛው ደቂቃ ይወጣል። ክፍያ የለውም።
>
> ረቡዕ የማይመችዎ ከሆነ ሐሙስ 15 ይደገማል። ሁለቱም ካልሆነልዎ ተመዝግበው ቅጂውን ብቻ መውሰድ ይችላሉ።
>
> ስልክ ቁጥር አንጠይቅም። ካልጠየቁን አንደውልም።
>
> [ረቡዕ 14፣ 11:00 ዩቲሲ]  [ሐሙስ 15፣ 16:00 ዩቲሲ]  [ቅጂውን ብቻ]
>
> በእርስዎ ከተማ ስንት ሰዓት እንደሚሆን የምዝገባ ገጹ ያሳይዎታል።

የሽያጭ ኃላፊው መጀመሪያ የፈለጉት «ነፃ» የሚለውን ቃል ነው። «የት ወሰድሽው?» አሉኝ። አልጠፋም፤ «ክፍያ የለውም» ተብሎ ከታች ተቀምጧል። ርዕሱ ላይ ግን ቦታ አይገባውም። የምርት ዴሞ ነፃ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ገንዘብ ከፍሎ ማስታወቂያ የሚያይ የለም። ሰውየው የሚያሰላው ደቂቃውን ነው፣ ከዚያም በኋላ የሚመጣበትን ስልክ። ግብዣው መልስ መስጠት ያለበት ለነዚያ ለሁለቱ ነው። «25ኛው ደቂቃ ላይ ይወጣል» እና «አንደውልም» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ከየትኛውም ቅጽል በላይ ይሠራሉ። እርግጥ ነው፣ የሚሠሩት ከተጠበቁ ብቻ ነው።

ርዕሱ ግራ ያጋባል የሚል ተቃውሞም ተነሳ። «አንድ ገቢ፣ ሦስት ኢንቮይስ» ማለት ለብዙ ሰው ምንም አይደለም። ልክ ነው። ግን ለብዙ ሰው አልተላከም። ባንክ ለሚያስታርቅ ሰው ይህ የዛሬ ጠዋት ራስ ምታቱ ነው። ርዝመቱም ሆን ተብሎ ነው፤ ስልክ ላይ ከሠላሳ እስከ አርባ ፊደል ያህል ካለፈ መቆረጥ ይጀምራልና ሳይቆረጥ እንዲታይ ነው ያሳጠርነው።

«ቦታ ውስን ነው» የሚለውን አወጣሁት። የኦንላይን ዴሞ ነው፤ ቦታው ምኑ ነው የሚወሰነው? የተጋበዙት ሰዎች ይህን ያውቃሉ። እዚያች ላይ ዋሽታችሁ ከተገኛችሁ «አንደውልም» ያላችሁትንም አያምኑም። እውነተኛ ገደብ ካለ፣ ለምሳሌ ባለሙያው የእያንዳንዱን ሰው ፋይል አብሮ የሚያይ ከሆነና ከ10 ሰው በላይ ማስተናገድ የማይችል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ይጻፍ፣ ከነምክንያቱ።

ወደ ፎርሙ እንምጣ። የድሮው 9 ጥያቄ ነበረው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክ፣ የድርጅት ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ የሠራተኛ ብዛት፣ የሚጠቀሙበት የሂሳብ ፕሮግራም፣ «ስለ እኛ ከየት ሰሙ?»። ሁሉም ግዴታ። የሽያጭ ክፍሉ እነዚህን የሚፈልገው በከንቱ አልነበረም። ማንን ቀድሞ ማነጋገር እንዳለበት የሚወስነው በነሱ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ረዘመ። እዚህ ላይ ነው ከጽሑፉ ሥራ ይልቅ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ።

መውጫ ያገኘነው ጥያቄዎቹን ከበሩ ወደ ውስጥ በማስገባት ነው። ምዝገባው ስምና ኢሜይል ብቻ ሆነ። ሰውየው ከተመዘገበ በኋላ፣ «ተመዝግበዋል» የሚለው ገጽ ላይ፣ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «አሁን የትኛውን የሂሳብ ፕሮግራም ይጠቀማሉ? ከነገሩን ዴሞውን በሱ ፋይል ልናሳይ እንሞክራለን።» መልሱ በፈቃድ ነው። ብዙዎቹ መለሱ። ይህ አስገራሚ አይደለም፤ ጥያቄው አሁን ለነሱ ጥቅም አለው። የሠራተኛ ብዛትና የሥራ ድርሻ ደግሞ ከኢሜይል አድራሻው የመጨረሻ ክፍል ተነስቶ የድርጅቱን ድረ ገጽ በማየት ብዙ ጊዜ ይታወቃል። በራስ ሠራተኛ አምስት ደቂቃ የሚገኘውን መረጃ እንግዳውን በር ላይ አቁሞ መጠየቅ አያስፈልግም።

የቀኑ ነገር ቀላል ነበር። የወር ሂሳብ መዝጊያ ብዙ ጊዜ አዲሱ ወር ከገባ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ቀናት ይይዛል። ወሩ አጋማሽ ላይ ትንፋሽ አለ። 14 እና 15 የተመረጡት ለዚህ ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ደግሞ ተጋባዦቹ በተለያዩ አገሮች ስለሚኖሩ ነው። የድሮው ግብዣ ሰዓት ሲጠቅስ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ አልተናገረም ነበር።

ሰዓትን በተመለከተ ከጽሑፍ ይበልጥ የሚያግዘው የካሌንደር ፋይል ነው። ሰው የተመዘገበበትን ዴሞ ኢሜይል ውስጥ ፈልጎ አያገኝም፤ ካሌንደሩ ላይ ከሌለ የለም። ስለዚህ ከማረጋገጫ ኢሜይሉ ጋር የ`.ics` ፋይል አያይዘን ላክን። ዋና ዋና መስመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
BEGIN:VEVENT
DTSTART:20250514T110000Z
DTEND:20250514T112500Z
SUMMARY:ዴሞ፦ አንድ ገቢ፣ ሦስት ኢንቮይስ
LOCATION:(የመግቢያው ሊንክ)
END:VEVENT
```

ከሰዓቱ መጨረሻ ላይ ያለችው `Z` ሰዓቱ ዩቲሲ፣ ማለትም የዓለም መለኪያ ሰዓት፣ መሆኑን ትናገራለች። የእያንዳንዱ ሰው ካሌንደር ወደ ራሱ ሰዓት ይቀይረዋል። እሷ ከተረሳች ፋይሉ «የትም ብትሆን 11:00» ማለት ይሆናል፤ በሌላ አገር ያለው ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ይገባል። `DTEND` ላይ 11:25 ተብሎ መጻፉም ልብ ይባል። ካሌንደሩ ላይ ሙሉ ሰዓት ቢይዝ «25 ደቂቃ» ያልነውን በገዛ እጃችን ውሸት እናደርገው ነበር። ሊንኩ ደግሞ በቦታ መስመሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሰውየው ሰዓቱ ሲደርስ ኢሜይል ሳይፈልግ ከማስታወሻው ላይ ነክቶ እንዲገባ ነው።

ስለ አላላኩ ብዙ የምለው የለኝም። ከሰው ስም ተላከ፤ ለሱ ቢመለስ ሰው የሚያነበው አድራሻ ሆነ። የድሮው ከ«አትመልሱ» አድራሻ ነበር የተላከው። ከዝርዝሩ መውጫው በአንድ ጠቅታ የሚሠራ ተደረገ። ጂሜይልና ያሁ ከ2024 ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ላኪዎች ይህን ይጠይቃሉ። ባይጠይቁም ቢሆን መውጫ ያጣ ሰው «አይፈለጌ» የሚለውን ነው የሚጫነው፤ እሱ ደግሞ ቀጣዩን ኢሜይል ከሁሉም ሰው ሳጥን ያርቃል። ከአራት ቀን በኋላ ላልተመዘገቡት አንድ ሁለተኛ ኢሜይል ተላከ። ሦስተኛ የለም አልን። ሁለተኛው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ የ79,850ው ጥምረት ስክሪን ላይ ሲወጣ የሚያሳይ አንድ ምስልና ሦስቱ አዝራሮች።

ውጤቱ ይኸው። ወደ 60 የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። ከነሱ 17ቱ ከመነሻው «ቅጂውን ብቻ» የሚለውን የመረጡ ናቸው። የሽያጭ ኃላፊው ይህ አዝራር በቀጥታ የሚገኘውን ሰው ይቀንሳል ብለው ፈርተው ነበር። ምናልባት ጥቂት ቀንሶ ይሆናል። እኔ ግን «ልምጣ አልምጣ» እያለ ሳይመዘገብ የሚቀረውን ሰው ነው ያዳነልን ብዬ አስባለሁ። ነፃ ዌቢናር ላይ ከተመዘገበው ግማሹ እንኳ ላይመጣ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። እንደማይመጣ በግልጽ የነገረን ሰው ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ነግሮናል። በቀጥታ እንገኛለን ካሉት ከግማሽ በላይ ተገኙ። አንድ ቀን ሲቀረው አንድ ማስታወሻ፣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሊንኩ ብቻ ያለበት ሌላ ማስታወሻ ተልኮላቸው ነበር።

ከዚህ ቁጥር ላይ መናገር የማልችለው አለ። ርዕሱን፣ ፎርሙን፣ ቀኑን፣ ላኪውንና ዴሞውን አንድ ላይ ነው የቀየርነው። የትኛው ስንቱን እንዳመጣ መነጣጠል አይቻልም። ዝርዝሩን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በአንድ ርዕስ ግማሹን በሌላ መላክ ይቻል ነበር። ግን በ1,400 ሰውና በዚህ የምዝገባ መጠን በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ዕድል ይሁን ርዕሱ ማወቅ አይቻልም ነበር። አንዱ ወገን 28 ሌላው 33 ቢያመጣ ምን እንላለን? ስለዚህ አልሞከርነውም። የማውቀው ፎርሙ ላይ ያለው ቀዳዳ መጥበቡን ነው። ገጹ ላይ ከደረሱት ሰዎች አሁን አብዛኞቹ ጨርሰው ወጥተዋል፤ ያ ከጽሑፉ ጋር አይገናኝም።

ዴሞው 25ኛው ደቂቃ ላይ ቆመ። ልጁ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጨርስ «ሰዓታችን ደርሷል፣ መሄድ የሚፈልግ በሰላም ይሂድ» አለ። ጥቂቶች ወጡ። የቀሩት ሃያ ደቂቃ ያህል ጥያቄ አወረዱበት። አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ደግሞ ያቺ የሽያጭ ኃላፊው የፈሯት ሦስት ደቂቃ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ሁለት ጥምረት አቅርቦ «አንተ ወስን» ባለበት ቦታ። «ሠራተኛዬ የተሳሳተውን ቢመርጥ ኋላ ማን እንደመረጠ ይታወቃል?» ብላ አንዲት ተሳታፊ ጠየቀች። ይታወቃል። ፕሮግራሙ ማን መቼ እንዳጣመረ ይመዘግባል። በድርጅቱ ማስታወቂያዎች ላይ ይህ ነገር በአንድም ቦታ ተጽፎ አያውቅም ነበር።

የሽያጭ ሠራተኞቹ አልደወሉም። ይህን ማስጠበቅ ቀላል አልነበረም፤ አንዱ የሽያጭ ሠራተኛ በማግስቱ ስልክ ሊያፈላልግ ጀምሮ ኃላፊው ራሳቸው አስቆሙት። ለሁሉም ቅጂው ተላከ፤ ከሥሩ «በራስዎ ፋይል ማየት ከፈለጉ ለዚህ ኢሜይል ይመልሱ» የሚል አንድ መስመር አለ። ዘጠኝ ሰዎች መለሱ። ከነሱ ሁለቱ ዴሞውን በቀጥታ ያላዩ፣ ቅጂውን ብቻ የወሰዱ ናቸው። ከዘጠኙ ስንቱ እንደሚገዛ እኔ ሥራውን ባስረከብኩበት ጊዜ ገና አልታወቀም ነበር።

የሚቀጥለው ወር ግብዣ ግን ተጽፎ አልቋል። ርዕሱ የዚያች ተሳታፊ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ገቢ ማን አጣመረው?» ዴሞው 20 ደቂቃ ሆኗል።